የወተት መኪናዋ የጭጋግ መብራቶች

ጋሽ ብልጭታ የመኪና ኮፈን ከመክፈቱ በፊት የማይዘላት አንዲት ነገር አለች። የጋብቻ ቀለበቱን ከጣቱ ያወልቅና በሸሚዙ የደረት ኪስ ይከታል፤ የኪሱን ቁልፍ ይቆልፋል፤ ከዚያም ቀለበቱ እዚያው መሆኑን ለማወቅ በመዳፉ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል። ደንበኛ ቢጣደፍ፣ ዝናብ ቢያካፋ፣ ይህችን ሳያደርግ ባትሪ አይነካም። አዲስ ሙሽራ ሳለ አንድ ቀን ቀለበቱ በባትሪው ፖዘቲቭና በመኪናው ብረት መሃል ገብቶ በቅጽበት እንደ ፍም ቀልቶበት ነበር። ጠባሳው ዛሬም በጣቱ ዙሪያ ሁለተኛ ቀለበት መስሎ ይታያል።

“አንተ እኮ ከእኔ ጋር ባለትዳር፣ ከመኪና ጋር ወንደላጤ ነህ” ትለዋለች ሚስቱ።

“ወንደላጤ ባልሆን ጣት አይኖረኝም ነበር፤ ያኔ ቀለበቱን የት ታደርጊልኝ ነበር?” ይላታል።

የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። “ብልጭታ” ያሉት ሹፌሮቹ ናቸው፤ እሱ ግን ስሙን አይወደውም። “ብልጭታ የሚያወጣ ኤሌክትሪሻን ሥራውን አያውቅም ማለት ነው” ይላል። ማንም አይሰማውም። ስም አንዴ ከወጣ እንደ ጭስ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። ጋራዡ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም በቀለማቸው የተጠቀለሉ ሽቦዎች ተሰቅለዋል፤ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ የተቃጠሉ ፊውዞች የሞሉት የመስታወት ብልቃጥ አለ። ፊውዞቹን አይጥላቸውም። “እያንዳንዱ አንድ መኪና ከእሳት አውጥቶ የሞተ ነው” ይላል።

የመጀመሪያ ልጁ ያደገችው በዚያ ብልቃጥ ስትጫወት ነው። ሽቦ መላጥ የቻለችው የጫማዋን ክር ማሰር ሳትችል ነው። አባቷ አንድ ቀን ጋራዡን ትረከበኛለች ብሎ ሲያስብ፣ እሷ ግን ዓይኗ መሪው ላይ ነበር። ለጥገና የመጣ መኪና ሁሉ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። ካደገች በኋላም መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ በወተት ፋብሪካው ተቀጥራ በትንሽ መኪና ለከተማው ሱቆች ወተት ማደል ጀመረች። ያን ቀን እናቷ “አባትሽ ስለ መኪና ሆድ ያውቃል፣ አንቺ ስለ እግሩ፤ እኔ ብቻ ነኝ በታክሲ የምሄደው” ብላ ሁሉንም አሳቀች።

ታሪኩ የሚጀምረው ልጂቱ አንድ ረፋድ ላይ በሩጫ ወደ ጋራዡ የገባች ዕለት ነው።

“አባባ! አባባ! የተራራውን መስመር ሊሰጡኝ ነው!”

ጋሽ ብልጭታ ራሱን ከአንድ ዳሽቦርድ ሥር አወጣ። “ማን ነው የሚሰጥሽ? የጋሽ ቀስ በቀስ መስመር አይደለም እንዴ?”

“ጡረታ ሊወጣ ነው! ነገ ጠዋት ለሙከራ እኔ እሄዳለሁ። ወተቱን ከተራራው ማዶ ጭኜ፣ ፋብሪካው ማፍላት ሳይጀምር በሩ ላይ ካደረስኩ መስመሩ የእኔ ነው። ካላደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም እንደ ልማዴ ሱቅ ለሱቅ ነው። ደግሞ...” ትንፋሽ አጠራት፤ በእጇ ከኋላዋ ወደ መንገዱ አመለከተች። “መኪናዋን ላኩልህ!”

ከኋላዋ ትንሿ የወተት ጭነት መኪና ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ የሚያብረቀርቅ የወተት ታንከር ተጭኗል። ጋቢናው ውስጥ ወንበሩ ላይ አንድ ካርቶን አለ። ልጂቱ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችው። ሲከፈት ቢጫ መስታወት ያላቸው ሁለት ክብ የጭጋግ መብራቶች እንደ እንቁላል አስኳል ተኝተዋል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ተራራ የጭጋጉ ወራት ከገባ ብዙ ጊዜ አናቱን አይገልጥም። የፋብሪካው የስምሪት ኃላፊ፣ ጥርስ የማታሳይ ሴት ናት፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የጭጋግ መብራት ያልተገጠመለት መኪና ተራራውን እንዳይወጣ ወስናለች። ስለዚህ መኪናዋ ዛሬውኑ መብራት ካልተገጠመላት፣ ነገ ሙከራም የለም፤ መስመርም የለም።

ጋሽ ብልጭታ መብራቶቹን አገላብጦ አየ። ልቡ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሄደ። ግማሹ በደስታ ዘለለ፤ ግማሹ ደግሞ ተራራው ላይ፣ ጠርዙ የማይታየው ጥምዝ ላይ ቆመ። ቀለበቱን አወለቀ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ቆለፈ፣ መታ መታ አደረገ።

“ምን ትገተሪያለሽ? መፍቻ አምጪ!”

ወሬ ክንፍ አለው። ገና የመኪናዋ የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ፣ ሳይፈታ ጋሽ ቀስ በቀስ ራሱ ከተፍ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ተራራ የወጣና የወረደ ሹፌር ነው። ለቸኮለ ሁሉ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ስለሚል ነው ይህ ስም የወጣለት። ባዶ የዘይት በርሜል ስቦ ተቀመጠ።

“ብልጭታ፣ ይኸውልህ” አለ፣ “ያ ጭጋግ የሴት ልጅ መሪ አይቶ አያውቅም። ይደነግጣል።”

“ደንግጦ ገለል ቢልልኝ ጥሩ ነው ጋሼ” አለች ልጂቱ፣ ከመኪናዋ ሥር ሆና።

ሽማግሌው ሳቀ። “ምላስሽስ ተራራውን ይወጣል። ግን አንድ ነገር ስሚኝ፤ ቀልድ አይደለም። ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን መብራት እንዳታበሪ። ጭጋግ ማለት ውሃ ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይደፋዋል። ነጭ ግድግዳ ፊትሽ ላይ የቆመ ይመስልሻል። አጭሩን አድርገሽ፣ ከታች በእነዚህ ቢጫዎቹ መንገዱን ጠርገሽ፣ የመንገዱን ጠርዝ ተከትለሽ ነው የምትሄጂው።”

“ሰማሽ?” አለ ጋሽ ብልጭታ።

“ሰማሁ፤ ሰማሁ።”

ሥራው ተጀመረ። ጋሽ ብልጭታ ሲደሰት እየሠራ ይናገራል፤ ያን ቀን አፉ አልተገጠመም። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። “ሁልጊዜ እሱን አስቀድሚ፤ ከዚያ በኋላ መፍቻሽ ብረት ቢነካም ምንም አይፈጠርም።” መብራቶቹን ከፓራውልቱ ሥር፣ ዝቅ አድርገው በቡሎን አሰሯቸው። ብርሃኑ ከጭጋጉ ሥር እንዲሾልክ ዝቅታው ዋና ነገር ነው። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፈር ያለ ቀይ ሽቦ ሳበና፣ ገና ከባትሪው ሳይርቅ ፊውዙን አስገባ።

“እዚህ ለምን?” አለ ጋሽ ቀስ በቀስ። “መብራቱ ዘንድ ብታደርገውስ? ለመቀየር ይቀላል።”

“ሽቦው መሃል መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካስ? ፊውዙ መብራቱ ዘንድ ከሆነ፣ ከባትሪ እስከዚያ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፤ ይቃጠላል። በረኛ የሚቆመው በር ላይ ነው እንጂ መኝታ ቤት አይደለም።”

“ለምን ባለ አሥራ አምስት አደረግከው?” አለች ልጂቱ፤ እያወቀች፣ አባቷ ሲመልስ መስማት ስለምትወድ ብቻ።

“ሁለት ባለ ሃምሳ አምስት ዋት መብራቶች ናቸው፤ በአንድ ላይ ዘጠኝ አምፔር ገደማ ይስባሉ። አሥር ብታደርጊበት ተጨንቆ ይኖራል። ሠላሳ ብታደርጊበት ደግሞ ሽቦው ቀድሞት ይቃጠላል። አሥራ አምስት ይበቃዋል፤ ሽቦውም ይሸከመዋል።”

ቀጥሎ ሪሌው መጣ። ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ኩብ ሲሆን፣ ከሥሩ አራት ጥርሶች አሉት። ጋሽ ብልጭታ በሁለት ጣቱ ይዞ ለሽማግሌው አሳየው።

“እዩት፤ ይሄ ነው የቤቱ ዘበኛ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ማብሪያ ቀጭን ናት፤ ሙሉውን የመብራት ጉልበት በእሷ ብታሳልፉ ቀልጣ ትንጠባጠባለች። ስለዚህ ማብሪያዋ ለሪሌው ትንሽ ትዕዛዝ ብቻ ትልካለች። ሪሌው ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆንና ትልቁን በር ይከፍታል። ጉልበቱ ከባትሪ በፊውዝ አልፎ፣ በሪሌው በኩል በቀጥታ ወደ መብራቱ። አለቃዋ ቢሮዋ ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዘበኛው በሩን ይገፋል።”

“እንደ እኛ ኃላፊ” አለ ጋሽ ቀስ በቀስ።

ልጂቱ ከመኪናዋ ሥር ስትስቅ ጭንቅላቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

ቀዩ ወፍራም ሽቦ በፊውዙ አልፎ ወደ ሪሌው አንዱ ጥርስ ገባ፤ ከሌላው ጥርስ ወጥቶ ለሁለት ተከፍሎ ወደ መብራቶቹ ሄደ። ሦስተኛው ጥርስ ወደ መኪናው ብረት ተያዘ፤ ልጂቱ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ድረስ ፈግፍጋ አስራዋለች። የመብራቶቹንም ጥቁር ሽቦዎች እንዲሁ። “ቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ የታሰረ አይደለም” ማለትን ከአባቷ የተማረችው ገና ስሟን መጻፍ ሳትችል ነው። የቀረው አራተኛው ጥርስ ነው፤ ከማብሪያዋ የሚመጣው ትዕዛዝ የሚገባበት። ለማብሪያዋም ትንሽ ጉልበት ከአንድ ቦታ መሳብ ያስፈልጋል።

ጋሽ ቀስ በቀስ ተራራው ላይ አንድ ጊዜ በጭጋግ ጠፍቶ፣ ላም ተከትሎ የወረደበትን ታሪክ እያወጋ ነበር። ላሟ መንገዱን ስለምታውቅ እሱም ከኋላዋ ቀስ በቀስ፤ ላሟ ስትቆም እሱ ሲቆም፤ በመጨረሻ ራሱን የባለቤቷ ግቢ ውስጥ አገኘው። ጋሽ ብልጭታ እየሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ እጁን ከግራው ግንባር መብራት ጀርባ ሰደደ። ጣቶቹ ያለ ዓይን ሽቦ ያውቃሉ። አንዱን ሽቦ መረጠ፣ ላጠው፣ ቀጠለበት፣ በናስትሮ ጠቀለለው። ከዚያ ቀጭኑን ሽቦ በጎማ ቀለበት አሾልኮ ወደ ጋቢናው አስገባው።

“ከየት ሳብከው አባባ?” አለች ልጂቱ።

“ከመብራቱ ነዋ! ከየት ይሆናል? ያዢ ይሄን ጫፍ።”

ያዘች።

ኔጌቲቩ ተመልሶ ታሰረ። ሁሉም ከመኪናዋ ፊት ቆሙ፤ ጎረቤት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳይቀር እጁን እየጠረገ መጣ። እናቲቱም ምሳ ይዛ ስትደርስ ሳህኑን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ጋሽ ብልጭታ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ የመብራቱን እጀታ እንደ ልማዱ ወደ ረጅሙ ገፋ፤ ከዚያ ማብሪያዋን ተጫነ።

ቀጭ!

ሪሌው ተናገረ፤ ሁለቱ ቢጫ ዓይኖች በቀን ብርሃን ቦግ አሉ።

“በራ!” አለች ልጂቱ እየዘለለች። ጎማ ጠጋኙ አጨበጨበ። እናቲቱ ሳህኑን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ልጇን አቀፈቻት። ጋሽ ቀስ በቀስም ከበርሜሉ ተነስቶ “እኔ ላም ተከትዬ ስወርድ እነዚህ የት ነበሩ!” አለ። ጋሽ ብልጭታ ማብሪያዋን አጠፋ፤ አበራ፤ አጠፋ። ቀጭ፣ ቀጭ። ያቺ ድምፅ ለጆሮው ከዘፈን ትበልጣለች። ለልጁ ትንሽ ከረጢት ሰጣት፤ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ናስትሮና ትርፍ ፊውዞች አሉበት። “አንድ ቀን ያስፈልግሽ ይሆናል” አላት። አንድ ቀን ያለው ነገ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

በማግስቱ ልጂቱ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ባዶ ታንከር ይዛ ወጣች። ተራራው ጥርት ብሎ ነበር። ከጥምዞቹ ሁሉ ታች ያለው ከተማ ይታያታል፤ ጸሐይ ስትወጣ መስታወቷ ላይ አንጸባረቀባት፤ እየዘፈነች ወጣች፤ እየዘፈነች ወረደች። ማዶ ባለው መሰብሰቢያ ገበሬዎቹ ጣሳቸውን ይዘው እየጠበቁ ነበር። ወተቱ ሲገለበጥ፣ ታንከሩ ሲሞላ፣ የተራራው አናት ቀስ እያለ ተሸፈነ። መጀመሪያ እንደ ነጠላ፣ ቀጥሎ እንደ ጋቢ። ክዳኑን ስትዘጋ መንገዱ ከጥቂት እርምጃ ወዲያ የለም።

“ጊዜያችሁ ደረሰ” አለች ለመብራቶቿ። አጭሩን አበራች፤ ማብሪያዋን ተጫነች።

ምንም የለም።

እንደገና ተጫነች። ምንም። እጀታውን ወደ ረጅሙ ስትገፋ፣ ቀጭ፤ ቢጫዎቹ ቦግ አሉ። ግን ረጅሙ መብራት ጭጋጉን መትቶ ዓይኗ ላይ ተመለሰባት፤ ፊቷ ላይ ነጭ ግድግዳ ቆመ። ወደ አጭሩ መለሰች፤ ቢጫዎቹም አብረው ጠፉ።

ከዚያ ስልኳን አነሳች።

ጋሽ ብልጭታ ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ፣ ሥራ የሚሠራ እየመሰለ አንዱን ፒንሳ ሦስቴ ጠርጎ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ፒንሳው ከእጁ ወደቀ።

“አባባ፣ የጭጋግ መብራቶቹ የሚበሩት ከረጅሙ ጋር ብቻ ነው። አጭር ላይ ሳደርገው ይጠፋሉ።”

ጋሽ ብልጭታ ስልኩን ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

“አባባ? ትሰማኛለህ?”

ጋሽ ብልጭታ ይሰማታል። ዓይኑ ግን የቀኝ እጁን እያየ ነበር። ደንበኞቹ የረጅም መንገድ ጭነት ሹፌሮች ናቸው። እነሱ የሚያስገጥሙት ተጨማሪ መብራት ሩቅ ለማየት ስለሆነ፣ ከረጅሙ ጋር አብሮ እንዲበራ ነው የሚፈልጉት። በዘመኑ ሁሉ የማብሪያዋን ሽቦ የሳበው ከረጅሙ መብራት ሽቦ ነው። ትናንትም እሱ ስለ ላሚቷ ሲስቅ እጁ ለብቻው ሥራውን ሠራ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ሲሞክረውም ያው እጅ እጀታውን ወደ ረጅሙ ገፋው፤ አጭሩ ላይ አልሞከረውም። ጭጋግ ውስጥ ደግሞ ረጅሙን ማብራት አይቻልም፤ ያለ ረጅሙ እነዚያ መብራቶች ጌጥ ናቸው።

“ልጄ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ከረጅሙ ነው የሳብኩት። እዚያው ሁኚ፤ ንቅንቅ እንዳትይ። እኔ መኪና ለምኜ እመጣለሁ።”

“አንተ እስክትመጣ ወተቱ እርጎ ይሆናል!”

“እርጎ ይሁን! ወተት ነው ያልኩሽ? አንቺን ነው ያልኩት!”

“አባባ” አለች፤ ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበረበት፤ ፍርሃትም ነበረበት። “ማነው ከብልቃጥህ ጋር ያደገው? ሽቦው የት እንዳለ ብቻ ንገረኝ።”

ጋሽ ብልጭታ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። “ከግራው መብራት ጀርባ። በናስትሮ የተጠቀለለው ቅጥያ።”

“አየሁት።”

“እሱ ከረጅሙ ጋር ነው። ወደ ፓርኪንግ መብራቱ ሽቦ ልታዛውሪው ነው። አጭሩ ሲበራ ፓርኪንጉ አብሮ ስለሚበራ ማብሪያሽ ጉልበት ታገኛለች። የትኛው ሽቦ እንደሆነ...”

“ፓርኪንጉን ብቻ አብርቼ በቴስተሩ እፈልገዋለሁ። ቴስተሩ ላይ የበራው እሱ ነው።”

“አዎ። ከዚያ...”

“ከዚያ አጥፍቼ ኔጌቲቩን እፈታለሁ። አስቀድሜ። አውቃለሁ። አሮጌውን ቅጥያ አውልቄ የተላጠውን በናስትሮ እጠቀልላለሁ። አባባ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ለምን እንደ...”

መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ፤ አይገባም። እንደገና ደወለ፤ አይገባም። ጭጋጉ ኔትዎርኩንም የበላው መሰለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎማ ጠጋኙ ነው የሚያወጋው። ጋሽ ብልጭታ ጋራዡን እንደተከፈተ ጥሎ በመንገዱ ሲሮጥ፣ ከኋላው ራሱ ጎማ ጠጋኙ “ጫማህ!” ብሎ ቢጮህ አልሰማውም፤ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር። የፋብሪካው በር ከተማው ሲያልቅ፣ ተራራው ሲጀምር ነው። እዚያ ሲደርስ ኃላፊዋ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ዘበኛውና ጋሽ ቀስ በቀስም አሉ። ጋሽ ቀስ በቀስ “መስመሬን ልሰናበት” ብሎ ነው የመጣው፤ ፊቱ ግን ስንብት አይመስልም ነበር።

ከበሩ ማዶ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ነገር ውስጥ ይጠፋል።

“እስካሁን የለችም” አለች ኃላፊዋ። “ጭጋጉ ከበደ መሰለኝ። መብራቱን በደንብ ገጥመኸዋል አይደል ጋሼ?”

ጋሽ ብልጭታ ሊዋሽ ይችል ነበር። “አላበጀሁትም” አለ። “ከረጅሙ ነው የቀጠልኩት። አሁን መንገድ ላይ እሷ ናት የምታስተካክለው። ከዘገየች ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ይህን ይወቁልኝ።”

ኃላፊዋ አየችው፤ ከዚያ እግሩን አየች፤ ከዚያ ወደ ተራራው ዞረች። “ወተቱ የማንንም ጥፋት አይጠብቅም” አለች። ግን ድምጿ እንደ ቃሏ አልጠነከረም።

ውስጥ የማፍያው ማሽን ሊነሳ ሲያጓራ ይሰማል። ጋሽ ቀስ በቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ “ቀስ በቀስ” አላለም። መዳፉን በመዳፉ እያሸ፣ “ሦስተኛው ጥምዝ... እዚያ ውሃ መውረጃ አለ፤ ነግሬያት ይሆን? ነግሬያታለሁ፤ አዎ ነግሬያታለሁ” እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። ዘበኛው “ምን ሆናችሁ፣ ሙሽራ የዘገየችባቸው ሁለት አማቾች መስላችሁ?” ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ብልጭታ ጭጋጉን ብቻ ያያል። ሽቦዎቹን በሐሳቡ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ መብራት። ብረቱ ተፍቋል። እነዚያ ደህና ናቸው። የቀረችው አንዲት ቀጭን ሽቦ፣ አንዲት ቅጥያ፣ ብርድ ባደነዘዘው የልጁ ጣት። ጣቶቿን አሰበ፤ ሕፃን ሳለች ሽቦ ስትልጥ ምላሷን ወደ አንድ ጎን እንደምታወጣ አሰበ።

“ያ ምንድን ነው?” አለች ኃላፊዋ።

ከነጩ ውስጥ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ቢጫ ነጥብ ታየች። ጠፋች። ከጥምዙ ዞራ ተመለሰች፤ አሁን ሁለት ሆናለች። ዝቅ ብላ፣ መንገዱን እየጠረገች፣ ሳትቸኩል ትመጣለች። ከኋላቸው አጭሩ መብራት ደብዝዞ ይታያል። ረጅሙ አልበራም። ቢጫው እየሰፋ፣ እየቀረበ፣ ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተከፈለና ያቺ ትንሽ የወተት መኪና ጠል እያንጠባጠበች ወጣች።

በሩ ላይ ስትደርስ ልጂቱ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ፊቷ በቅባት ተለውሷል፤ ናስትሮው አሁንም አውራ ጣቷ ላይ ተጠቅልሏል።

“ፓርኪንጉ ላይ ነው አባባ!” አለች እየጮኸች። “ሪሌው ሲናገር መስማት ነበረብህ! ቀጭ ሲል!”

ኃላፊዋ የታንከሩን ቴርሞሜትር አየች። ወተቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑ ገና አልተነሳም። “ግቢ፤ ግቢ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለች። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየች። “ነገም አትዘግዪ፤ መስመሩ ያንቺ ነው።”

ጋሽ ቀስ በቀስ መኪናዋ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ፣ “ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ምን አደረግሽ?” አለ።

“ቀስ በቀስ” አለችው።

ጋሽ ብልጭታ ይህን ታሪክ ለማንም ያወጋል። ስህተቱን አይደብቅም፤ እንዲያውም “ስህተቴን ጻፉት” ይላል። “ሌላ ኤሌክትሪሻን አንብቦ፣ እጁን ሳይሆን ዓይኑን ይጠይቅ። አጭሩ ላይ ሳይሞክር መኪና እንዳይለቅ።” የጫማውንም ነገር ቢጻፍ አይከፋውም። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎማ ጠጋኙ እንዳይሰማ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር እኔን ጸሐፊዋን ለመነኝ። “ያቺን ነገር ተይልኝ። ዝም ብዬ ቆሜ አየኋት በይ። ወንድ ልጅ ነኝ፤ ሸምግያለሁ፤ ሹፌሮቹ ካነበቡ በዚህች ከተማ መኖሬ አበቃ።”

እነዚያ ሁለት ቢጫ መብራቶች ከጭጋጉ ዝቅ ብለው የወጡ ጊዜ ጋሽ ብልጭታ ዝም ብሎ አልቆመም። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ከዘበኛውና ከኃላፊዋ ፊት፣ ከሙሽራ እናት በላይ ቀጥኖና ረዝሞ በሚወጣ ድምፅ፣ እልል አለ።